ቀልድ ለማን? በቡና ሰዓት የሚቀለድበት ልጅ

እንበልና ሸዋ ሮቢት ነው፤ ሙቀቱ በረድ ብሏል፣ ጎረቤት ለቡና ተሰብስቧል። አጎት የአራት ዓመቷን ልጅ ጠርቶ፣ “አንቺኮ የእኛ ልጅ አይደለሽም፤ ሮቢ ወንዝ ዳር ነው ያገኘንሽ” ይላታል። ቤቱ ይስቃል። እሷ ግን የእናቷን ነጠላ ጨምድዳ ትደበቃለች። አንዷ፣ “ይቺ አይናፋር!” ስትል ሳቁ ይደገማል።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ የተነገረውን እንዳለ ነው የሚያምነው። ሰው የማያምንበትን ነገር ለጨዋታ ሊናገር እንደሚችል የሚገባው ቀስ በቀስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዓመት ወዲያ ነው። ደፋሩ ልጅ “ውሸትህን ነው!” ብሎ ይመልሳል። አይናፋሩ ግን መልስ አያገኝም፤ ይባስ ብሎ “አይናፋር” የምትለዋን ቃል እንደ ስሙ ይይዛታል።

መለያው ቀላል ነው። ቀልዱ የጣመው ልጅ “ድገመው” ብሎ ይመለሳል። ያልጣመው ድርቅ ይላል፣ ዓይኑን ይሰብራል፣ በሌላ ቀን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። በግድ የሚስቅም አለ፤ ሳቁ ያታልላል።

ልጅቷ እንዲያ ስትደበቅ እናት አጎትን መገሠጽ አይጠበቅባትም፤ እንዲያውም ጠቡ ልጅቷን የባሰ ያሳፍራታል። እቅፍ አድርጋ፣ “አጎትሽ ሲቀልድ ነው፤ የወለድኩሽ እኔ ነኝ” ትበላትና ወሬውን ታዙር። ቆየት ብላ ቆሎውን ለእንግዶች እንድታዞር ትስጣት፤ ሳትናገር ከሰው ትቀላቀላለች።

አጎቶችና አክስቶች፣ መቀለዳችሁን አትተዉ፤ “የእኛ አይደለሽም” የምትለዋን ብቻ ተዉልን።