የአንዱ ጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ሲደክም፥ ወንፊቱን ስለ ማጽዳት



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር መጠኑ ከአንዲት የምስር ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ይኸውም በሽቦ አልባው የጆሮ ማዳመጫ አፍ ላይ ያለው ወንፊት ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ይህን ዕቃ በኪሳችሁ ይዛችሁ እንደ ተቀመጣችሁ ዐውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁም በክፍል ውስጥ እንኳ ከጆሯችሁ እንደማታወጡት መምህራን ያውቃሉ።

ነገሩ የጀመረው በ2018 ዓ. ም. በጥር ወር፥ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ዓይኑ የሚደክም አንድ የክፍል ጓደኛ አለኝ። መጻሕፍቱን ራሱ ለማንበብ ስለማይችል እኛ በተራ ምዕራፉን እያነበብን በስልክ እንቀዳለታለን፤ እርሱም ማታ ማታ የቤቱን ሰው ሳይረብሽ በማዳመጫው እየሰማ ያጠናል። አንድ ማታ ታዲያ የግራው ማዳመጫ በድንገት ደከመበት። ድምፁ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን ጋቢ ተከናንቦ እንደሚናገር ሰው ሆነ። «ሰ» እና «ሸ» የሚሉት ድምፆች አስቀድመው ጠፉ፤ የቀረውም ከሩቅ የሚመጣ መሰለ።

ጓደኛዬ ይህን ለሁለት ቀን ለማንም አልተናገረም። የታመመው ዕቃው ሳይሆን ጆሮው መስሎት ነበርና። ዓይኑ ለደከመ ሰው ይህ ምን ዓይነት ሌሊት እንደ ሆነ እናንተው አስቡት። ግራውን ለመስማት ሲል ድምፁን ከፍ እያደረገ ስለ ሄደ ደግሞ ደኅነኛው ቀኝ ጆሮው ይጮኽበት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ነገሩን ሲነግረኝ ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ነበር።

እኔ በዚህ ነገር የታመንሁ ሰው አልነበርሁም። ባለፈው ዓመት የራሴ ማዳመጫ እንዲሁ ቢደክምብኝ፥ ከእናቴ የስፌት ዕቃ ውስጥ መርፌ አውጥቼ ወንፊቱን ወጋሁት። ድምፁ ለአንድ ቀን ያህል ተሻለው፤ በማግሥቱ ግን እንደ ተቀደደ ከበሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር፥ ከዚያም አልዳነም። ስለዚህ የጓደኛዬን ዕቃ በተቀበልሁ ጊዜ እጄ ፈራ፤ ይዤውም ወደ ፊዚክስ መምህራችን ሄድሁ።

መምህራችን ማዳመጫውን አገላብጠው አዩና፥ «ልጄ፥ ከመንካትህ በፊት በሽታው የማን እንደ ሆነ እወቅ፤ የጆሮው ነው ወይስ የዕቃው?» አሉኝ። እኔም «መምህር፥ ይህ በምን ይታወቃል?» ብላቸው «አቀያይራቸው» አሉኝ።

በእውነቱ ከዚህ የቀለለ ምርመራ የለም። አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበትን ቅጂ ከፍተን፥ የድምፁን መጠን ሳንነካ፥ የግራውን ማዳመጫ በቀኝ ጆሮው፥ የቀኙንም በግራ ጆሮው ደጃፍ ላይ አደረግን። ቅርጹ ስለማይገጥም ወደ ውስጥ መግፋት አይገባም፤ ደጃፉ ላይ በጣት መያዝ ይበቃል። ድካሙ ማዳመጫውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ድካሙ በግራ ጆሮው ቢቀር ኖሮ ግን ጉዳዩ የሐኪም ይሆን ነበር፤ ምናልባትም የራሱ የጆሮ ኩክ ደድሮ መንገዱን ዘግቶት ነው፥ ያንንም ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት መጎርጎር ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ደግነቱ ድካሙ ማዳመጫውን ተከተለ። ጓደኛዬ «እንግዲያስ እኔ ደኅና ነኝ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜም ደግመን አቀያየርን።

ቀጥሎ ስልኩን ተመለከትን። በስልኩ የተደራሽነት ማስተካከያ ውስጥ ግራና ቀኝን የሚያመዛዝን መስመር አለ፤ በብዙ ስልኮች ላይ Balance ወይም Audio balance ተብሎ ተጽፏል። በላዩ ያለው ነጥብ ሳይታወቅ ወደ አንድ ወገን ከተንሸራተተ ሌላው ጆሮ ይደክማል፥ ሰውም በከንቱ ዕቃውን ሲፍቅ ይውላል። የጓደኛዬ ግን በመካከል ነበር። ማዳመጫው ፈጽሞ ዝም ብሎ ቢሆን ደግሞ አስቀድመን የምንጠረጥረው ኩክን ሳይሆን ኃይል መሙያውን ነበር፤ በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ከቆሸሹ አንደኛው ሳይሞላ ያድራልና።

ከዚህ በኋላ የሲሊኮኑን ጫፍ አውልቀን፥ የስልክ መብራት ከጎን አብርተን በማጉያ መነጽር አየነው። ንጹሕ ወንፊት በጎን ብርሃን ሲታይ የብረቱ ክሮች ብልጭ ብልጭ ይላሉ፥ በመካከላቸውም ጥቁር ቀዳዳዎች ይታያሉ። የቀኙ እንዲህ ነበር። የግራው ግን ግማሹ በቢጫ ነገር ተለብጦ እንደ ሰም ያብረቀርቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ኩክ የሚጠራቀመው ቀስ በቀስ ከሆነ ድምፁ ስለ ምን በድንገት ደከመ? የጆሮ ኩክ በጆሮው ቧንቧ የውጭ ክፍል ካሉ ዕጢዎች የሚወጣ ቅባትና የረገፈ ቆዳ ድብልቅ ነው። በእኛ በአፍሪቃውያን ዘንድ የሚበዛው እርጥቡና የሚያጣብቀው ዓይነት ነው፤ በምሥራቅ እስያ ግን ደረቁና የሚፈረፈረው ይበዛል። እርጥቡ በጆሮ ሙቀት ይለሰልስና በወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ የቀሩት ድምፁን ስለሚያሳልፉ ሰው ልብ አይልም፤ የመጨረሻዎቹ ሲለበጡ ግን ነገሩ በአንድ ማታ የሆነ ይመስላል። ጓደኛዬ ደግሞ ማዳመጫውን እንዳደረገ በግራ ጎኑ ተኝቶ ያድር ነበር። ትራሱ ሌሊቱን ሁሉ ይጫነዋል፥ ጆሮውም ያሞቀዋል፤ ግራው ብቻ ለምን እንደ ተደፈነ ከዚህ ይታወቃል።

ከላብ ወይም ከዝናብ በኋላ የሚመጣ ድካም ግን ሌላ ነው። ውሃ በቀዳዳዎቹ ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ስስ ሽፋን ይዘረጋል፥ ሲደርቅም ድምፁ ራሱ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን አንድ ሌሊት መታገሥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጽዳቱ ልምጣ። ከወንፊቱ በስተ ጀርባ ድምፅ የሚፈጥረው ስስ ሽፋን አለ፤ እንደ ከበሮ ቆዳ እየተርገበገበ አየሩን ይገፋል። ወንፊቱ ያን ሽፋን የሚጠብቅ በር ነው። መርፌም ሆነ ስቴኪኒ ኩኩን በቀዳዳው አሳልፎ ሽፋኑ ላይ ይጥለዋል፥ ወይም ወንፊቱን ከማጣበቂያው ነቅሎ ወደ ውስጥ ያሰምጠዋል። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በአፍ እፍ ማለትም ፍርፋሪውን ወደ ውስጥ ይልካል፥ ትንፋሽ እርጥበት ይጨምርበታል፤ የታመቀ አየር ደግሞ ስሱን ሽፋን ሊቀድደው ይችላል። አልኮል ማንጠባጠብ ብልኃት ይመስላል፤ ነገር ግን ኩኩን አሟሙቶ ፈሳሹ በሄደበት ይዞት ይሄዳል፥ ፈሳሹ ሲተን ኩኩ ወንፊቱን አልፎ ይቀራል።

ስለዚህ መምህራችን ሁለት ነገር አዘዙኝ፤ ኩኩ ይቀዝቅዝ፥ የማዳመጫውም አፍ ሁልጊዜ ወደ ታች ይሁን። ከጆሮ እንደ ወጣ ቢቦረሽ ለስላሳው ኩክ እንደ ቅቤ ይቀባል፤ ቀዝቅዞ ሲደርቅ ግን ይፈረፈራል። ስለዚህ ዕቃውን ከሳጥኑ አውጥተን በንጹሕ ወረቀት ላይ አሳደርነው። የጥር ብርድ ለሌላ ባይጠቅም ለዚህ ጠቀመን።

ጧት ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ አዲስ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ፥ ደረቁን፥ ይዤ ማዳመጫውን ከፊቴ በላይ ከፍ አደረግሁ። አፉ ወደ መሬት ያያል፥ እኔም ከሥር ወደ ላይ አየዋለሁ፤ የሚረግፈው ሁሉ ወደ ታች ይወድቃል እንጂ የሚመለስበት የለውም። (ዓይን መጨፈን ግን ያስፈልጋል፤ ይህን የተማርሁት ከረገፈብኝ በኋላ ነው።) ብሩሹን በቀጥታ አልወጋሁም፤ በጎኑ አጋድሜ፥ የፀጉሩ ጫፍ ብቻ እየነካ፥ ከወንፊቱ መካከል ወደ ዳር ጠረግሁ። ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ጠረጋ በኋላ ብሩሹን በጨርቅ እጠርገዋለሁ፥ ያለዚያ ያነሣሁትን መልሼ እቀባዋለሁ። በጎን ያሉትን ሌሎች ትንንሽ ቀዳዳዎች አልነካሁም፤ የአየር መተንፈሻና የድምፅ መቀበያ ናቸውና።

ከዚያ ጥቂት ስኮች ፕላስተር ቆርጬ፥ የሚያጣብቀውን ፊት ወንፊቱ ላይ ሳልጫን አሳርፌ ቀጥ አድርጌ አነሣሁት። ቢጫ ነጠብጣብ ይዞ መጣ። አራት ጊዜ በአዲስ ቁራጭ ደገምሁት፤ በአራተኛው ምንም አልያዘም። አንድ ጓደኛችን ማስቲካ ይሻላል ብሎ ነበር፤ ማስቲካ ግን በቀዳዳው ይገባና ራሱ ቡሽ ይሆናል። የሲሊኮኑን ጫፍ ለብቻው በንጹሕ ውሃ አጥበን ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠበቅን።

ያንኑ ቅጂ በዚያው መጠን ከፈትንለት። ጓደኛዬ ጥቂት አዳምጦ «ተመልሷል፥ ግን ቀኙ ትንሽ ይበልጣል» አለ። በብርሃን ስናየው በአንደኛው ጠርዝ ላይ ጥቂት ቢጫ ቀርቷል። እኔ እዚያው ልፍቀው ፈለግሁ፤ መምህራችን ግን «ዛሬ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ሞቋል፤ እንደገና ይደር» አሉ። በማግሥቱ ያው ብሩሽና ሁለት ቁራጭ ፕላስተር በቁት። አቀያይሮ ቢሰማ ልዩነት አጣበት፥ ድምፁንም ወደ ቀድሞው ዝቅታ መለሰው።

ፈሳሽን በተመለከተ አፕል የተባለው ኩባንያ ለኤርፖድስ ፕሮና ለአንዳንድ ሌሎች ዓይነቶቹ የተለየ መንገድ ይመክራል፤ ሚሴላር የሚባለውን የፊት ማጽጃ ውሃ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ ነክሮ ወንፊቱን ለ15 ሰከንድ ያህል በዝግታ ማሸት፥ ገልብጦ በወረቀት ማድረቅ፥ ይህንም ሁለት ጊዜ ደግሞ፥ በዲስቲልድ ውሃ በተነከረ ብሩሽ ማጥራት፥ ከዚያም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ማድረቅ ነው። የጓደኛዬ ማዳመጫ ግን ከእነዚህ ወገን አልነበረም፤ አብሮት የመጣውም ወረቀት ፈሳሽ አታስነኩት ስለሚል አልሞከርነውም።

ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ እየታየ ድምፁ ቢደክም ወይም ቢንቀጠቀጥ፥ ኩኩ ወንፊቱን አልፏል ወይም ሽፋኑ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ያን ከውጭ ሆኖ የሚያወጣ ብሩሽ የለም። የእኔው ማዳመጫ እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ በማጉያ መነጽር ቢታይ መርፌዬ የገባችበት ቀዳዳ ከሌሎቹ ሁሉ ሰፍቶ ይታያል። ጓደኛዬ ፈተናውን ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ግን በግራ ጎኑ ሲተኛ ማዳመጫውን አውልቆ ነው፤ ቅዳሜ ጧት ጧትም ወንፊቶቹን ለማየት ብሩሽ ይዤ እሄዳለሁ።