የረግረግ ጎጆ በክረምት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ያዘጋጀሁትን አጭር ንግግር ዛሬ ለእናንተም ላንብብላችሁ።

ልጆች፣ ክበባችሁ ሰኔ ላይ ተዘግቶ መስከረም ላይ ይከፈታል። ብዙዎቹ የረግረግ ወፎች እንቁላል የሚጥሉትና ጫጩት የሚያሳድጉት ግን በእነዚሁ ወራት ነው። ሣሩ አድጎ የሚሸሽጋቸው፣ ነፍሳቱም ለጫጩት የሚበቃው ክረምት ሲገባ ነዋ! ትንሹ አቃቂ በእናንተው ክፍለ ከተማ አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርድ፣ ውኃ የሚተኛበትን ሣራማ መሬት የምታቋርጡትም ያን ጊዜ ነው።

ጎጆ ሲባል ሁላችንም ቀና ብለን ዛፍ እናያለን። የእነዚህ ወፎች ጎጆ ግን እግራችን ሥር ነው። ላፕዊንግ የምትባለው እግረ ረጅም ወፍ መሬቱን ጫር አድርጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 እንቁላል ትጥላለች፤ ቀለማቸው ከአፈርና ከጠጠሩ አይለይም። ወፏ እየጮኸች ወደ ራሳችሁ ከተወረወረች፣ ወይም ክንፏ እንደተሰበረ ሁሉ እየጎተተች ከፊታችሁ ከሄደች፣ ከጎጆዋ ልታርቃችሁ ነው። አትከተሏት። ቁሙና መሬት መሬቱን እያያችሁ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። ፎቶ ላንሳ ብሎ የቆየ ሰው እናቲቱን ከእንቁላሉ ያርቃታል፤ እንቁላሉ በዝናብ ይበርዳል። የተረገጠው ሣርም ለውሻና ለድመት መንገድ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከአዲስ ዓለም ከተማ ብዙም ሳይርቅ የበርጋ ረግረግ አለ። ከዓለም እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዷ፣ ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴል፣ በክረምት እዚያ ሣር ውስጥ ትራባለች። ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም፤ ከሣሩ ስለማትወጣም እረኛ እንኳን አያያትም። የከብት ኮቴ ጎጆዋን ይደፈጥጣል፤ ግጦሽ ደግሞ መሸሸጊያዋን ይጨርሰዋል። ታዲያ ሜዳውን ማጠር አልተቻለም፤ የገበሬው ከብት መሰማሪያ ነው። የተገኘው መፍትሔ የጊዜ ስምምነት ነው፦ የአካባቢው ወፍ ወዳጆች ከኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው ነዋሪውን አነጋገሩ፤ በመራቢያዋ ወቅት ከብቱ ከረግረጉ እንዲርቅ፣ ሣሩም ከዚያ በኋላ ጥቅም ላይ እንዲውል ነው የመከሩት። እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይህ ነው፤ ለወፏም ለላሟም ጊዜ ተገኘ።

እናንተም ቤታችሁ የምትነጋገሩበት ጉዳይ አለ፦ ለእንቁጣጣሽ የምንጎዘጉዘው ቄጤማ። የሚታጨደው ከረግረግ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ዘግይተው የተፈለፈሉ ጫጩቶች ገና መብረር ያልቻሉበት ነው። አጫጁ ከዳር ጀምሮ ዙሪያውን ወደ መሃል ከገባ፣ ጫጩቶቹ የቀረችውን ሣር ተከትለው መሃል ላይ ይከበባሉ። ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር ቢያጭድ ግን በሣሩ ውስጥ እየተሸሸጉ መውጫ ያገኛሉ። ስለዚህ ጳጉሜን ላይ ቄጤማ የሚያመጣላችሁን ሰው ከየት እንደሚያጭድ ጠይቁት፤ ይህንንም ንገሩት።