ያላመለከቱበት ስኮላርሺፕና የ350 ዶላሩ ጥያቄ

የዛሬው ዲስኩር መነሻ አንድ ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ነው። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም፣ በፒዲኤፍ መልክ ይመጣል። ከላይ የአንድ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዓርማ፣ ከታች ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት። ተቀባይዋ የዘንድሮ ተመራቂ ናት እንበል። ደብዳቤው ከብዙ ተወዳዳሪዎች መካከል መመረጧን ያበሥራታል። የትምህርት፣ የመኖሪያና የአውሮፕላን ትኬት ወጪዋ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። የሚቀራት የሴቪስ ክፍያ 350 ዶላር ብቻ ነው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተከፈለ ግን ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ገንዘቡን የሚቀበለው «የአዲስ አበባ አስተባባሪ» ነው፤ በቴሌብር ወይም በግለሰብ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ በዕለቱ ምንዛሪ ተሰልቶ።

ልጅቷ ለዚያ ዩኒቨርሲቲ አመልክታ አታውቅም።

ደብዳቤው ከተመሳሳይ ማጭበርበሪያዎች ተውጣጥቶ ለማሳያ የቀረበ ናሙና ነው። ለዲስኩር የተመረጠው ውሸቱ ውስጥ ብዙ እውነት ስላለበት ነው። ሴቪስ የሚባል ክፍያ አለ። መጠኑም 350 ዶላር ነው። በኤፍ-1 ቪዛ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኘውም ሳይቀር፣ ይከፍለዋል። ስለዚህ ልጅቷ ጉግል ላይ ብትፈልገው ታገኘዋለች፤ ባለፈው ዓመት የሄደ የሰፈሯን ልጅ ብትጠይቀውም «አዎ፣ እኔም ከፍያለሁ» ይላታል። ማጣራቱ እዚያ ላይ ከቆመ ደብዳቤው ፈተናውን አለፈ ማለት ነው።

«ስኮላርሺፕ ብሎ ገንዘብ ከጠየቀ ሌባ ነው» የሚለው ምክር በየመድረኩ ይሰማል። ግማሹ ትክክል ነው። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ፣ የአሜሪካው ፉልብራይትና የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማመልከቻ ሳንቲም አይጠይቁም፤ በእነዚህ ስም «የመመዝገቢያ» የሚል ሰው ከመጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ወደ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ አላቸው። በጀርመን የበርካታ ዩኒቨርሲቲዎችን የውጭ አመልካቾች ማስረጃ የሚመረምረው ዩኒ-አሲስት ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ በዚያው ሴሚስተር ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ደግሞ 30 ዩሮ ያስከፍላል። ምክሩን ቃል በቃል የያዘ ተማሪ እውነተኛውን በር ሊዘጋ ይችላል፤ «ክፍያማ የተለመደ ነው» ያለው ደግሞ ለአስተባባሪው ሲሳይ ይሆናል። ሁለቱን የሚለየው የክፍያው ተራና መድረሻ ነው፤ ከምን በኋላ ተጠየቀ፣ ማን ኪስ ይገባል?

የአሜሪካው ሂደት ተራው የታወቀ ነው። ተማሪው በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍቶ ያመለክታል፤ ትራንስክሪፕትና የድጋፍ ደብዳቤ ያስገባል፤ የማመልከቻ ክፍያ ካለ እዚያው ይከፍላል። ከተቀበሉት የፓስፖርት ቅጂና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁታል። ከዚያ አይ-20 የሚባለው ቅጽ ይወጣለታል። ቅጹ በN ፊደል የሚጀምር የሴቪስ መለያ ቁጥር አለው። ተማሪው 350 ዶላሩን የሚከፍለው ይህ ቁጥር በእጁ ከገባ በኋላ ነው፤ የሚከፍለውም ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለአሜሪካ መንግሥት፣ fmjfee.com በተባለው ድረ ገጽ ነው። ገጹ የሴቪስ ቁጥሩንና የትምህርት ቤቱን ኮድ ይጠይቃል። ሁለቱም የሚገኙት አይ-20 ላይ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ደብዳቤ እንመለስ። አይ-20 የለም። ያለ አይ-20 ቁጥር የለም፤ ያለ ቁጥር ደግሞ የሴቪስን ክፍያ መክፈል አይቻልም። አስተባባሪው የሚጠይቀው ገንዘብ ገና ሊከፈል የማይችል ክፍያ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የማኅተሙን ቅርጽ፣ የእንግሊዝኛውን ጥራት ሳያዩ፣ በተራው ብቻ ደብዳቤው ወደቀ።

በእርግጥ ብልጡ አጭበርባሪ ይህንንም ያውቃል፤ ስትጠይቀው አይ-20 አዘጋጅቶ ይልክላታል። ያኔ ዓይን መጣል ያለበት የቅጹ የፋይናንስ ክፍል ላይ ነው። በአንድ በኩል የዓመቱ ወጪ ግምት ይሰፍራል፤ በሌላ በኩል ወጪው ከየት እንደሚሸፈን ይዘረዘራል፤ ከተማሪው የግል ገንዘብ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከሌላ ምንጭ። ሙሉ ስኮላርሺፕ የሰጠ ዩኒቨርሲቲ ስጦታውን በትምህርት ቤቱ መስመር ላይ በቁጥር ያስቀምጣል። ተገልብጦ በተሠራ ቅጽ ላይ ይህ ቦታ አንዳንዴ ባዶ ይቀራል፤ አንዳንዴም ድምሩ አይገጥምም።

ሌላው ዘዴ ቀላል ነው፤ አስተባባሪውን የሚያናድድ መሆኑም ጥቅሙ ነው። የሴቪስን ክፍያ ተማሪው ራሱ እንዲከፍል ግዴታ የለም፤ ሌላ ሰው ሊከፍልለት ይችላል። «አመሰግናለሁ፤ ቨርጂኒያ ያለው አጎቴ በካርዱ ድረ ገጹ ላይ ይከፍልልኛል» ብላ ትጻፍለት። ለእውነተኛ የመግቢያ ቢሮ ይህ ምንም አይደለም፤ ደረሰኙ በስሟ ከወጣ ይበቃዋል። አስተባባሪው ግን ሰበብ መደርደር ይጀምራል፦ «ሲስተሙ ከውጭ አይቀበልም»፣ «በእኛ በኩል ካልሆነ ስኮላርሺፑ ይሰረዛል»፣ «ለአንቺ ብዬ ነው፣ እህቴ»።

የላኪውን ማንነት መፈተሽም ብዙ ደቂቃ አይወስድም። ኢሜይል ከሆነ የሚታየውን ስም ትቶ አድራሻውን መመልከት ነው፤ ስም የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል። በ.edu የሚያልቅ አድራሻ የሚሰጠው ዕውቅና ላላቸው የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ነው። አጭበርባሪዎች ይህን ስለሚያውቁ መጨረሻው -edu.org ወይም -edu.com የሆነ አድራሻ ይከፍታሉ፤ ዓይኑ ለቸኮለ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። lookup.icann.org ላይ የድረ ገጹን ስም ማስገባት መቼ እንደተመዘገበ ያሳያል። መቶ ዓመት የሞላው ነኝ የሚል ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጹ ከሦስት ወር በፊት የተመዘገበ ከሆነ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ተማሪዎች ከዚህ በኋላ የሚሄዱት ወደ ዝርዝሩ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪ እንዲቀበሉ የተፈቀደላቸውን ተቋማት studyinthestates.dhs.gov ላይ ይዘረዝራል፤ ካናዳም እንግሊዝም የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ልጅቷ ስሙን ታስገባለች፤ ዩኒቨርሲቲው አለ! ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ደስታ ላይ ሆኖ ነው። ዝርዝሩ ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ተቋሙ አለ ወይስ የለም። ደብዳቤውን ማን ጻፈው ለሚለው መልስ የለውም።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የካናዳው ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2023 ብዙዎቹ ከፑንጃብ የመጡ የሕንድ ተማሪዎች ከአገር የመባረር ትእዛዝ እንደተሰጣቸው ተሰማ። ከዓመታት በፊት በአንድ ወኪል በኩል የእውነተኛ ኮሌጆች የመቀበያ ደብዳቤ ይዘው ቪዛ አግኝተው ገብተዋል። ካናዳ ሲደርሱ ወኪሉ «ቦታው ሞልቷል፤ ሌላ ኮሌጅ ተመዝገቡ» አላቸው። ተመዘገቡ፤ ተማሩ፤ አንዳንዶቹም ተመርቀው ሥራ ያዙ። ቋሚ መኖሪያ ሲጠይቁ ፋይላቸው ተመረመረና የመጀመሪያው ደብዳቤ ፎርጅድ መሆኑ ወጣ። ኮሌጆቹ እውነተኛ ነበሩ፤ ደብዳቤውን ግን አልጻፉትም። የተማሪዎቹ ተቃውሞ ሲበረታ መንግሥት የመባረሩን ሂደት ለጊዜው አቆመና የእያንዳንዱን ጉዳይ የሚያጣራ ቡድን አቋቋመ፤ ወኪሉም በ2024 ጥፋቱን አምኖ በካናዳ ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እስር ተፈረደበት።

ካናዳ ከዚህ የተማረችው አሠራር ለማንኛውም አመልካች ይጠቅማል። ከዲሴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማንኛውንም የመቀበያ ደብዳቤ ጻፈው ወደተባለው ተቋም መልሶ «ይህ የእናንተ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የኮሌጁን ስም ዝርዝር ውስጥ ማግኘት ብቻውን አልበቃም ማለት ነው።

ልጅቷም ማድረግ ያለባት ይህንኑ ነው። ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክና ኢሜይል አትጠቀምም፤ እነሱ የሚያደርሱት ወደ ደብዳቤው ባለቤት ነው። የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ ራሷ ፈልጋ፣ ከዚያ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች መግቢያ ቢሮን አድራሻ አውጥታ፣ ደብዳቤውን አያይዛ ትጽፋለች። ሙሉ ስሟን፣ ደብዳቤው ላይ የሰፈረውን መለያ ቁጥርና አንድ አጭር ጥያቄ ብቻ፦ ይህን ደብዳቤ የላካችሁት እናንተ ናችሁ? የፓስፖርት ቅጂ በዚህ ደረጃ አያስፈልግም። መልሱ አንዳንዴ ቀናት ይወስዳል፤ የ48 ሰዓቱ ገደብም የተቆረጠው መልሱ ሳይደርስ ገንዘቡ እንዲደርስ ይመስላል። አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ያሉ የኤጁኬሽንዩኤስኤ አማካሪዎችም እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያለ ክፍያ ይሰማሉ።

እዚህ ላይ ለዩኒቨርሲቲዎች ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሳይጠየቅ የሚመጣ ኢሜይል ሁሉ ማጭበርበሪያ አይደለም። እንደ ኤስኤቲ ያለ ፈተና ሲመዘገብ መረጃው ለዩኒቨርሲቲዎች እንዲደርስ የፈቀደ ተማሪ የማስተዋወቂያ መልእክት ሊጎርፍለት ይችላል። እነዚያ ግን «አመልክት» ይላሉ እንጂ «ተቀብለንሃል» አይሉም። ትራንስክሪፕት ሳያይ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ሳያነብ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ዩኒቨርሲቲ የለም።

ገንዘቡ ከተላከስ? የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትልቅ ዋጋ አላቸው። የዝውውር ቁጥሩን ይዞ ወዲያው ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ማመልከት፣ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ የመያዝ ዕድል ይሰጣል። ቀጥሎ ፖሊስ ጋ መሄድ ነው፤ በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። የውይይቱን መልእክቶች ማጥፋት ማስረጃን ማጥፋት ስለሆነ፣ ንዴቱ ቢያይልም ቻቱ መቆየት አለበት። ከፋዩ ዝም ካለ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ 350ው ከገባ በኋላ «የቪዛ ዋስትና»፣ ከዚያ «የሰነድ መላኪያ»። ከሁሉም የሚገርመው ከሳምንታት በኋላ የሚደውለው ሰው ነው። ራሱን ጠበቃ ወይም የሳይበር መርማሪ ብሎ ያስተዋውቃል፤ የጠፋውን ገንዘብ መጠን፣ የአስተባባሪውን ስም፣ የተከፈለበትን ቀን ሳይቀር ያውቃል። ገንዘቡን እንደሚያስመልስ ቃል ይገባል፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚጠይቀውም ጥቂት ነው። ይህን ሁሉ ዝርዝር ከማን እንዳገኘው መገመት አይከብድም።