የየቲሞች ገንዘብ በስልክ ሒሳብና በባንክ ሒሳብ
(ገነተ ማርያም ላይ ለየቲም አሳዳጊዎች ከተደረገ ንግግር)



የተከበራችሁ አሳዳጊዎች፤ ከመካከላችሁ አንዲት እናት «ለልጆቹ የሚላከው ገንዘብ ስልኬ ላይ ከገባ፣ ባንክ ገባ ማለት አይደለምን?» ሲሉ ጠይቀውኝ ነበር። አይደለም። ልዩነቱን ለይቶ ማወቅ ደግሞ የየቲሙን ሐቅ ከመጥፋት ያድናል።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን እንውሰድ። ለወኪሉ 1,000 ብር ስትሰጡት እርሱ በስልኩ ካለው ሒሳብ 1,000 ብር ወደ እናንተ ያስተላልፋል። በእናንተ ስልክ የሚታየው ቁጥር ያህል እውነተኛ ብር ባንክ ውስጥ ተቀምጦ እንዲጠበቅ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ያዛል፤ አገልግሎት ሰጪው ያንን ብር ለሌላ ማበደር አይፈቀድለትም። በዚህም ምክንያት ተራው የስልክ ሒሳብ ወለድ አያስገኝም። ባንክ ግን የተቀማጩን ገንዘብ ያበድራል፤ ስለዚህ ለተራ የቁጠባ ሒሳብ ወለድ ይከፍላል። ወለድን የሚሸሽ ሰው ከወለድ ነፃ የሆነውን የወዲዓ ሒሳብ በስሙ ጠርቶ መጠየቅ አለበት። በ2014 ዓ.ም. በቴሌብር ላይ የተጨመረው «ሳንዱቅ» የተባለው ቁጠባም ከባንክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ወለድ ያለበት መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ። የባንክ ተቀማጭ ሌላም ጥበቃ አለው፤ ባንክ ቢወድቅ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል።

አሁን ወደ ምሳሌ እንሂድ። ሦስት የቲሞችን የምታሳድግ አንዲት አክስት በየወሩ 1,800 ብር በስልኳ ይደርሳታል እንበል። ከዚህ 1,500 ብር ለቀለብና ለደብተር ያልፋል፤ 300 ብር ለልጆቹ ይተርፋል። ለሚወጣው ገንዘብ የስልክ ሒሳብ ይበልጥ ይስማማል፤ ላሊበላ ድረስ መሄድን ያስቀራልና። ወኪሉ ዘንድ ማስገባት በነፃ ሲሆን ማውጣት ግን ያስከፍላል፤ ክፍያውም በእያንዳንዱ ማውጣት ላይ ስለሚታሰብ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማውጣት የሳምንቱን አስቦ በአንድ ጊዜ ማውጣት ይሻላል።

የሚተርፈው 300 ብር በዓመት 3,600 ብር ይሆናል። ይህ በስልኳ ቢከማች ሒሳቡ የተመዘገበው በእርሷ ስም ነው። አክስትየዋ ድንገት ብትሞት፣ አላህ ያቆያትና፣ ገንዘቡ የሟች ንብረት ሆኖ ከውርሷ ጋር ይቀላቀላል፤ የቲሞቹም «የእኛ ነበር» የሚሉበት ወረቀት አይኖራቸውም። የቲም ገንዘብ ከአሳዳጊ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ሲመለስም ምስክር እንዲቆም የታዘዝነው ይህን ለመሰለው ቀን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አክስትየዋ አንድ ቅዳሜ ለላሊበላ ገበያ ስትወጣ ባንክ ጎራ ብላ በልጁ ስም፣ በአሳዳጊ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ትክፈት። መታወቂያዋን፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና ከፍርድ ቤት የተሰጣትን የአሳዳጊነት ማስረጃ ትያዝ። ከዚያ ወዲያ በየሦስት ወሩ 900 ብር ከስልኳ ወደዚያ ሒሳብ ማስተላለፍ ትችላለች። የምስጢር ቁጥሯን ከመጫኗ በፊት በስልኩ የሚታየው ስም የልጁ መሆኑን ታንብብ፤ የተሳሳተ ሒሳብ የገባ ብር በቀላሉ አይመለስም።

ከሌባም ተጠንቀቁ። አንድ ሰው ደውሎ «በስሕተት 2,000 ብር ልኬልሻለሁ፣ መልሽልኝ» ይላል፤ የገባ የሚያስመስል መልእክትም ይልካል። መልእክቱን አትመኑ፤ *127# ደውላችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ቁጥሩ ካልጨመረ የገባ ነገር የለም። የምስጢር ቁጥራችሁን ማንበብ የማትችሉም ብትሆኑ ለወኪሉ አትንገሩ፤ በቤታችሁ ያለ የምታምኑት ልጅ ያግዛችሁ።

በመጨረሻ፣ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ ወራት ስልኩም ባንኩም ተቋርጦ እንደነበር እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ያኔ የስልክ ገንዘብ እህል አልገዛም፤ የባንክ ደብተርም እንዲሁ። ስለዚህ ከሁለቱ በተጨማሪ የአንድ ወር ቀለብ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል በቤት ይኑር።

በአጭሩ፣ የሚወጣው በስልክ፣ የሚቀመጠው በልጁ ስም በባንክ፣ ለክፉ ቀን የሚሆነው በቤት ይሁን። ያስገባችሁትንና ያወጣችሁትን በደብተር ጻፉ፤ ከጎረቤት አንድ ሰውም ያንን ደብተር ይወቀው።