ከኦምዱርማን የተማረኩ ዓርማዎች ይመለሱ ወይስ ባሉበት ይቆዩ?



እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ዓ.ም. በጄኔራል ኪችነር የሚመራው የእንግሊዝና የግብጽ ጦር ከካርቱም ማዶ በኦምዱርማን አጠገብ የኸሊፋ አብዱላሂን ሠራዊት ድል አደረገ። ከሱዳናውያን ወገን የሞቱት ከአሥር ሺህ በላይ እንደ ነበሩ ይገመታል። የመሐዲ መቃብር በመድፍ ተመታ፤ በኋላም ፈረሰ። ወታደሮችም ዓርማውን፥ ጅባውን፥ ሰይፉንና ጋሻውን ለመታሰቢያ እያሉ ወሰዱ። ከነዚህም ብዙው ዛሬ በእንግሊዝ አገር በየክፍለ ጦሩ ሙዚየምና በሌሎች ስብስቦች ይገኛል።

የዓርማዎቹን ነገር በምሳሌነት መመርመር ይበጃል። ዓርማው ከጨርቅ የተሠራ ሲሆን፥ በላዩ ላይ የእግዚአብሔርን ስሞችና መሐዲው የነቢዩ ምትክ መሆኑን የሚናገር የዐረብኛ ጽሑፍ ከሌላ ጨርቅ ተቆርጦ ተሰፍቶበታል። በአንዳንዶቹም ላይ የታላላቅ የሱፊ መምህራን ስሞች ይነበባሉ። የሠራዊቱ ሦስት ታላላቅ ክፍሎች በጥቁር፥ በአረንጓዴና በቀይ ዓርማ ይለዩ ስለ ነበር፥ ዓርማውን ያየ ሰው ተዋጊው ከማን ጋር እንደ ተሰለፈ ያውቅ ነበር። እንግዲህ ይመለስ የሚሉት ወገኖች ዓርማው ለያዘው የድል ምልክት ቢሆንም፥ ለሱዳን ተማሪ ግን የሃይማኖትና የአስተዳደር ታሪክ የሚነበብበት ሰነድ ነው ይላሉ። በጉልበት የተወሰደም ነገር ዘመን ስላለፈበት ብቻ የወሳጁ ንብረት አይሆንም ብለው ይከራከራሉ።

የሚቃወሙት ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው፥ በዚያን ጊዜ ምርኮ መውሰድ በጦርነት የተለመደ ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ለማን ይመለስ? ለመንግሥት ነው ወይስ ለመሐዲ ቤተሰብና ለአንሳር ማኅበር? የሚል ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የደኅንነት ጥያቄ ነው። የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም በ1971 ዓ.ም. ተከፍቶ፥ የአስዋን ግድብ ውሃ ሳይውጣቸው የተነሡትን የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች በአትክልት ስፍራው አኑሮ ነበር። ነገር ግን በ2023 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ሙዚየሙ በፈጣን ድጋፍ ሰጪ ኃይል እጅ ገባ። የሱዳን ጦር በ2025 ዓ.ም. መጋቢት አካባቢውን ባስለቀቀ ጊዜ፥ ዕቃ ቤቱ ተዘርፎ፥ ወርቁም ተወስዶ ተገኘ። በቦታው የቀረው በብዛት ከክብደቱ የተነሣ ለማንሣት የማይመች ድንጋይ ነበር።

ይህ ጥፋት የተቃዋሚዎቹን ቃል የሚያጸና ይመስላል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው፤ ባለቤትነት ሌላ፥ ጠባቂነት ሌላ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ዕቃውን በጎረቤት ዘንድ በአደራ ያስቀምጣል፤ ጎረቤቱ ግን በዚህ ምክንያት ባለቤት አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ የባለቤትነቱን ሰነድ ለሱዳን ማስተላለፍና፥ ሰላም እስኪሆን ዕቃውን ባለበት በአደራ ማቆየት ይቻላል። በዚህም የጥበቃው ጥያቄ የመብቱን ጥያቄ አያዘገየውም።

በመንገዱ ላይ የሚቆመው ሕግ ለሁሉም ቤት አንድ አይደለም። የብሪቲሽ ሙዚየም በ1963 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከስብስቡ ምንም እንዳይለቅ ተከልክሏል። የክፍለ ጦር ሙዚየሞች ግን በዚህ ሕግ አይታሰሩም። በለንደን የሚገኘው የጦር ሠራዊት ብሔራዊ ሙዚየም በ2019 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደውን የዐፄ ቴዎድሮስን ፀጉር ለኢትዮጵያ የመለሰው ስለዚህ ነው። ከዓርማዎቹም ወገን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው በእንደዚህ ያሉ ቤቶች ያለው ነው።

ጥያቄውም በዝርዝር መቅረብ አለበት። ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በ1872 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፈውን ሁሉ በጅምላ አልጠየቁም፤ ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል በስማቸው ጠርተው ጠየቁ። ከብሪቲሽ ሙዚየም መጽሐፉ ተመለሰላቸው። ሥዕሉን ግን የሙዚየሙ መልእክተኛ ሆኖ ከዘመቻው ጋር የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ ሸሽጎት ስለ ነበር፥ በስብስቡ ውስጥ አልተገኘም። ከዚህ የሚታየው፥ በመዝገብ የታወቀ ዕቃ ለመመለስ በር እንደሚከፍት፥ ከመዝገብ ውጭ የቀረ ዕቃ ግን ባለቤቱ እየጮኸ እንደሚጠፋ ነው።

ይኸው መዝገብ ለካርቱምም ሁለት ጥቅም አለው። በመጠኑ፥ በፎቶግራፉና በጽሑፉ ተለይቶ የተመዘገበ ዕቃ ከእንግሊዝ አገር ለመጠየቅ የሚያስችል እንደ ሆነ ሁሉ፥ ከብሔራዊ ሙዚየሙ የተዘረፈው በገበያ ላይ ሲገኝም ለማስያዝ የሚያገለግለው እርሱው ነው። ለመንግሥት ይሁን ለማኅበሩ የሚለው ጥያቄም ለሱዳናውያን የሚተው ነው፤ የወራሾች አለመስማማት ለያዥው ርስት አይሆነውምና።