ጠዋት ታይቶ እኩለ ቀን ላይ የሚጠፋ ብልሽት፦ ከሶላር ፓነል ሥር ስላሉ ገመዶችና ማገናኛዎች



ዛሬ የምናገረው ስለ ፓነሉ ፊት ሳይሆን ስለ ጀርባው ነው። በፓነሉና በቆርቆሮው ጣሪያ መካከል የሚተወው ክፍተት አየር እንዲያልፍበት የታሰበ ነው፤ ሆኖም ለርግብ ከዝናብ የተጠለለ ማደሪያ፣ ለአይጥም ከጭልፊት የተሰወረ መተላለፊያ ይሆናል። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ መቀርጠፍ ግድ ይለዋል፤ የገመድ ሽፋንም ከሚቀረጥፋቸው ነገሮች አንዱ ነው። የርግብ ጎጆ ደግሞ ሣርና ኩስ አከማችቶ እርጥበት ስለሚይዝ፣ በውስጡ የተቀበረ ማገናኛ ሳይደርቅ ይከርማል።

በአንድ ጤና ጣቢያ ያየሁትን ላስረዳ። ኢንቨርተሩ በክረምት ጠዋት ጠዋት ወደ መሬት የሚፈስ ኤሌክትሪክ እንዳለ አመልክቶ ይቆማል፤ ጣሪያው ሲደርቅ ያለማንም እገዛ ይነሣል። እንዲህ ያለው ምልክት በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ኢንቨርተሩን ሳይሆን፣ ሽፋኑ ተልጦ እርጥብ ብረት የነካ ገመድን ነው። በተከታታይ የተያያዙት ፓነሎች 10 ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ 40 ቮልት፣ በድምሩ 400 ቮልት ይሰጣሉ። ኢንቨርተሩን አጥፍተን የዲሲ ማጥፊያውን ከዘጋን በኋላ፣ ጣሪያው ገና እርጥብ ሳለ ለካን። ከፖዘቲቩ ጫፍ እስከ መሬት 120፣ ከመሬት እስከ ኔጌቲቩ ጫፍ 280 ቮልት አገኘን። 120 ለ40 ሲካፈል 3 ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከፖዘቲቩ ጫፍ ሲቆጠር በ3ኛውና በ4ኛው ፓነል መካከል ነው ማለት ነው። በዚያ ስንፈልግ ጎጆ፣ ከጎጆውም ሥር የተቀረጠፈ ገመድ አገኘን። ጉዳቱ በሁለት ቦታ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ስሌት ያሳስት ነበር።

የዛገ ማገናኛ ወደ መሬት ምንም ሳያፈስ ሊግል ይችላል። 10 አምፔር በሚያልፍበት ማገናኛ ሬዚስታንሱ ግማሽ ኦም ቢደርስ፣ 10 × 10 × 0.5 = 50 ዋት ሙቀት አውራ ጣት በሚያህል ፕላስቲክ ውስጥ ይፈጠራል። አጠገቡ ደረቅ ሣር ካለ ውጤቱ እሳት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ማገናኛ ጠርጎ ወይም ቅባት ቀብቶ መመለስ አይበቃም፤ ሁለቱንም ወገን ቆርጦ በአንድ ፋብሪካ በተሠራ ጥንድ መተካት ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ እያለፈበትም አይነቀልም፤ የሚፈጠረው ብልጭታ እጅ ያቃጥላል።

መከላከያው ቀላል ነው። ገመዱ ውኃ ከሚወርድበት የቆርቆሮ ሸለቆ ተነሥቶ በማይዝግ የብረት መያዣ በፓነሉ ክፈፍ ላይ ይታሰር፤ የፕላስቲክ ማሰሪያ በፀሐይ ተሰባብሮ ይወድቃልና። ገመዱ ወደ ማገናኛው ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይርገብ፤ ጠብታው እዚያ ይወርዳል። ዙሪያው ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ይከለል፤ ወንፊቱም ክፈፉ ሳይበሳ በመቆንጠጫ ይያዝ። በስፖንጅ ወይም በቆርቆሮ መድፈን ግን አየሩን ዘግቶ ፓነሉን ያግላል፤ ስፖንጁንም አይጥ ይበላዋል።

ወንፊቱ ከመታሠሩ በፊት ጫጩቶቹ በርረው ይውጡ፤ ጎጆውም ይጠረግ። ከጣሪያው በታች፣ ከኮርኒሱ ውስጥ የሚመጣን አይጥ ግን ወንፊቱ አያግደውም። ስለዚህ ገመዱ ወደ ቤት የሚገባበት ቀዳዳ ለብቻው በብረት መረብ መደፈን አለበት።