የጋፋት መንገድ፦ አስጎብኚ ለመሆን ለሚነሣ ወጣት ምሩቅ
(ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር)



ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የተመለሰ ልጃችሁ ወደ ጉባኤው ቀርቦ «እንግዶችን ወደ ደብራችን ላምጣ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? እሺም እምቢም ከማለታችን በፊት ምን እንደሚያሳይ፣ ምን እንደሚናገርና ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ መጠየቅ ይገባናል። ነገሩን በአንድ ቦታ አብነት እንመልከተው።

ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ወደ ላሊበላ የሚጓዝ እንግዳ ደብረ ታቦርን አልፎ ይሄዳል። ከከተማዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ግን ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ሙያተኞችን አስፍረው መድፍ ያሠሩት በዚህ ነው። በአካባቢውም ጽድ፣ ወይራና ዝግባ የተጠበቁባቸው ባለ ደን አድባራት ይገኛሉ። ጋፋትንና አንዱን ባለ ደን ደብር በአንድ ቀን የሚያገናኝ ጉዞ ለአንድ ወጣት በቂ መነሻ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚነገረው ታሪክ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በጋፋት መሠራቱ፣ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት ወራት በፈጀ ጉዞ መቅደላ መድረሱ በጽሑፍ የታወቀ ነው። ስለዚህ እንግዳው ጋፋት ላይ መድፉን አያገኝም፤ መድፉ ያለው መቅደላ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውም አምሳያው ነው። አስጎብኚው ይህን አስቀድሞ ካልተናገረ እንግዳው ተታለልኩ ብሎ ይመለሳል። የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚተርኩትንም «አባቶች እንዲህ ይላሉ» ብሎ ለይቶ ይናገር። ከመሬቱ ላይ ስብርባሪ አንሥቶ ለእንግዳ ማስታወሻ መስጠት ግን ቅርስን መበተን ነውና ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ ደኑ ነው። የአጸዱ ደን የሚተካው ከዛፎቹ ሥር በሚበቅሉት ችግኞች ነው፤ እግር ከበዛባቸው ረጃጅሞቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ተተኪ ያጣሉ። ይህም ወዲያው አይታይም። ስለዚህ አንድ የእግር መንገድ ብቻ ይወሰን፤ የእንግዶቹም ቁጥር በአንድ ጊዜ ከስድስት አይብለጥ። በየዓመቱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ችግኞች ቆጥሮ መመዝገብ ጉዳቱን በጊዜ ያሳያል።

ሰዓቱም መታሰብ አለበት። በዘወትር ቀን ጉዞው በማለዳ ከጋፋት ተጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ሊያበቃ ይችላል። በጾም ወቅት ግን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ደኑ በጠዋት ታይቶ ጋፋት ወደ ከሰዓት ይዛወራል። በነሐሴ፣ ለደብረ ታቦር በዓል ሕዝብ ሲሰበሰብ፣ ዝናቡ የእግሩን መንገድ ጭቃ ያደርገዋልና አስጎብኚው ቀድሞ ሄዶ ሳያይ እንግዳ አይውሰድ። ንዋየ ቅድሳትን ከዕቃ ቤት አውጥቶ ማሳየትና ፎቶግራፍ ማስነሣት ለሌባ መንገድ ማመልከት ስለሆነ ከጉዞው ውጭ ይሁን።

ሦስተኛው ጥያቄ ገንዘቡ ነው። ለምሳሌ ያህል ስድስት እንግዶች እያንዳንዳቸው 500 ብር ቢከፍሉ 3,000 ብር ይሆናል። ለምሳ በሰው 150 ብር ሲታሰብ 900፣ ለደብሩ በሰው 100 ብር ሲታሰብ 600፣ ለሁለት ባጃጅ 700 ብር ይወጣል። ለአስጎብኚው 800 ብር ይቀራል። ሦስት እንግዶች በአንድ ባጃጅ ቢመጡ 400 ብር፣ ሁለት ብቻ ቢመጡ ግን 150 ብር ብቻ ይቀረዋል። እንግዲህ ከሦስት ሰው በታች በዚህ ዋጋ መውጣት አያዋጣም፤ ዋጋው ሲለወጥም ስሌቱ እንደገና ይሠራ።

የደብሩ ድርሻ በአገልጋይ እጅ ሳይሆን በሕጋዊ ደረሰኝ ለሰበካ ጉባኤው ገቢ ይሁን። ወጣቱ ከባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት የአስጎብኚነት ፈቃድ ማውጣቱ፣ የእንግዶች ቁጥር፣ የተከለከሉት ቦታዎችና ውሉ የሚፈርስበት ምክንያት በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ የደብሩ አስተዳዳሪና ወጣቱ ይፈርሙበት። እንግዳ ከመጣ በኋላ የሚነሣ የገንዘብ ክርክር ደብሩን ከምእመኑ፣ ልጁንም ከአባቶቹ ያጣላልና ውሉ ይቅደም።

መንገዱ ሰላም ባጣበት ወቅት የሩቅ እንግዳ አይጠበቅም። ወጣቱ በዚህ ገቢ ብቻ ለመኖር አይነሣ፤ በአቅራቢያው ካሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በአነስተኛ ዋጋ እየወሰደ ይጀምር። የተማሪዎች ጥያቄ የትኛውን ታሪክ በደንብ እንዳላጠና ያሳየዋል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሄደ በኋላ ወደ ጉባኤያችሁ ተመልሶ ያየውን ያስረዳ፤ ያን ጊዜ ውሉን ለማጽናት ወይም ለማረም በእጃችሁ ማስረጃ ይኖራል።